ዋን ሾት አስገብቼም ካርቶን ቆጣሪው ያበዛል፤ ቁልፉ ተይዞ ሲቆይም ሲሊንደሩ ይደግማል

ካርቶን_መስመር

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ችግር ይዤ መጥቻለሁ፤ ይገናኙ አይገናኙ ገና አልገባኝም።

የካርቶን ኮንቬየር አለኝ። መጨረሻው አካባቢ ፎቶ ሴንሰር እያንዳንዱን ካርቶን ያያል፣ ፒኤልሲው ይቆጥራል፣ 40 ሲሞላ አንድ ፓሌት ይሆናል። ከሴንሰሩ አለፍ ብሎ የአየር ሲሊንደር አለ፤ ኦፕሬተሩ አረንጓዴውን ቁልፍ ሲጫን አንዴ ወጥቶ ካርቶኖቹን ወደ ፓሌቱ ገፍቶ ይመለሳል።

መጀመሪያ ላይ ቆጠራው ከቁጥጥር ውጭ ነበር። አንድ ካርቶን ባለፈ ቁጥር 250 አካባቢ ይጨምራል። ምክንያቱን አገኘሁት፦ የፕሮግራሙ ስካን 6 ሚሊሰከንድ ነው፣ ካርቶኑ ሴንሰሩ ፊት የሚቆየው ደግሞ 1.5 ሰከንድ፤ ስለዚህ ADD ካርቶኑ እስኪያልፍ በየስካኑ አንድ አንድ ይደምራል። ዋን ሾቱን ማለትም ሽግግሩን ለአንድ ስካን ብቻ የሚያሳልፈውን ONS ሳስገባ ነገሩ ተስተካከለ፣ ወይም የተስተካከለ መሰለኝ። ትናንት አንድ ሰዓት ያህል እየተከታተልኩ ሞከርኩት። 21 ፓሌት ሞላ፣ ማለትም 840 ካርቶን። ስክሪኑ ላይ ያለው ግን 871 ነው። ይህ 31 ከየት መጣ?

ሁለተኛው ሲሊንደሩ ነው። እዚያም ONS አለ። ኦፕሬተሩ ቁልፉን ጫን አድርጎ ወዲያው ከለቀቀ ሁሉም ደህና ነው። ጣቱን ሳያነሳ ከያዘው ግን ሲሊንደሩ ወጥቶ ይመለስና እንደገና ይወጣል፤ ቁልፉ እስኪለቀቅ ድረስ ይመላለሳል። ዋን ሾት የሚገባው ይህንኑ ለማስቀረት አልነበረም?

---

መልቲሜትር

ይሄ ባውንስ ነው ወንድሜ። ቁልፍ ሲጫን ብረቱ ከብረቱ ጋር ብዙ ጊዜ ይነካካል፣ ሴንሰርም የካርቶኑ ጠርዝ ላይ ሲደርስ በራ ጠፋ ይላል። ዋን ሾት ደግሞ ባውንስን አያጣራም፤ እያንዳንዱን በራ ጠፋ እንደ አዲስ ነገር ነው የሚያየው። ከዋን ሾቱ በፊት 50 ሚሊሰከንድ የTON ታይመር አድርግበት፣ ሁለቱም ይጠፋሉ። እኔ ብዙ ማሽን ላይ በዚህ ነው የገላገልኩት።

---

ፈጣን_ክፍል

ስካኑ 6 ሚሊሰከንድ ከሆነ ፒኤልሲው አይደርስበትም። እኔ ጋ 20 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ክፍል በሰከንድ 2 ሜትር ያልፋል፤ ሴንሰሩ ፊት የሚቆየው 10 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። የግቤቱ ማጣሪያ ሲጨመርበት በየጊዜው ይዘለኝ ነበር። ወደ ፈጣን ቆጣሪ ግቤት ቀይሬው ነው የተረጋጋው። አንተም እሱን ተጠቀም።

---

ካርቶን_መስመር

@ፈጣን_ክፍል አመሰግናለሁ፣ ግን የእኔ ችግር ተቃራኒው ነው። አያመልጠውም፣ ያበዛል። ካርቶኑም 1.5 ሰከንድ ሙሉ ይታያል።

@መልቲሜትር እሞክረዋለሁ። ግን ሲሊንደሩ የሚደግመው ወጥቶ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ይህ ሁለት ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ባውንስ ይህን ያህል ይቆያል?

---

የድሮ_ፓነል

አይቆይም። ጥያቄህ ራሱ መልሱን ይዟል። ሁለቱን ራንጎች እንዳሉ ለጥፋቸው፣ አንድም ኮንታክት እንዳትቀንስ። የኮንቬየሩን ፍጥነት፣ የካርቶኑን ርዝመትና በሁለት ካርቶን መካከል ያለውን ክፍተትም ጻፍ። እነዚህን ሳላይ ባውንስ ነው አይደለም ማለት አልፈልግም።

---

ካርቶን_መስመር

እሺ ጋሼ። ፍጥነቱ በሰከንድ 0.2 ሜትር፣ ካርቶኑ 300 ሚሊሜትር፣ ክፍተቱ 200 ሚሊሜትር ያህል ነው። ራንጎቹ እነዚህ ናቸው፦

```
XIC(Eye_Box) XIC(Conv_Run) ONS(SB_Cnt) ADD(Box_Count,1,Box_Count)

XIC(PB_Push) XIC(Pusher_Home) ONS(SB_Push) OTL(Push_Cmd)
XIC(Pusher_Out) OTU(Push_Cmd)
```

`Conv_Run` ያስገባሁት ኮንቬየሩ ቆሞ ሳለ ሠራተኞች ሴንሰሩ ፊት እጃቸውን ሲያሳልፉ እንዳይቆጥር ብዬ ነው። `Pusher_Home` ደግሞ ሲሊንደሩ ቤቱ ካልገባ ትዕዛዝ እንዳይቀበል።

---

የድሮ_ፓነል

ሁለቱም ችግሮች አንድ ናቸው። ዋን ሾትህ የተቀመጠው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው።

ONS ቁልፉን አያይም፣ ሴንሰሩንም አያይም። የሚያየው ከግራው እስከ እሱ ድረስ ያለው ራንግ በጠቅላላ እውነት መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። የማስታወሻ ቢቱ `SB_Push` ባለፈው ስካን ያ ድምር ውጤት ምን እንደነበር ይይዛል፤ ያኔ ሐሰት ከነበረና አሁን እውነት ከሆነ ለአንድ ስካን ያሳልፋል። ውጤቱን ከሐሰት ወደ እውነት ያሻገረው የትኛው ኮንታክት እንደሆነ ግን አይጠይቅም።

አሁን ጣትህን ቁልፉ ላይ አድርገህ አብረን እንሂድ። ቁልፍ 1፣ ቤት 1፤ ራንጉ እውነት ሆነ፣ ONS አንዴ አሳለፈ፣ ሲሊንደሩ ተነሣ። ሲሊንደሩ ቤቱን እንደለቀቀ `Pusher_Home` 0 ሆነ፤ ቁልፉ አሁንም 1 ነው፣ ራንጉ ግን ሐሰት ነው። በዚያ ቅጽበት የማስታወሻ ቢቱ ተሰረዘ። ሲሊንደሩ ወጥቶ ተመለሰ፣ `Pusher_Home` እንደገና 1 ሆነ፤ ራንጉ ከሐሰት ወደ እውነት ተሻገረ። ONS ሥራውን በትክክል ሠራና እንደገና አሳለፈ። ሲሊንደሩን ሁለተኛ ጊዜ ያስነሣው ቁልፉ አይደለም፤ የቤት ሴንሰሩ ነው።

ካርቶኑም እንደዚያው። ካርቶን ገባ፣ ተቆጠረ። ሴንሰሩ ፊት እያለ ኮንቬየሩ ቆመ፤ `Conv_Run` 0፣ ራንጉ ሐሰት፣ ማስታወሻው ተሰረዘ። ኮንቬየሩ ሲነሣ ያው ካርቶን እዚያው ነው፤ ራንጉ እንደገና እውነት ሆነ፣ ያው ካርቶን ሁለተኛ ተቆጠረ።

ላደር ስንማር በተከታታይ የተቀመጡ ኮንታክቶች ቅደም ተከተላቸው ለውጥ እንደማያመጣ ተምረናል። ዋን ሾት መሃላቸው ሲገባ ግን ያ ሕግ አይሠራም። ዋን ሾቱን ሽግግሩን ልትይዝለት ከፈለግኸው ምልክት አጠገብ አድርገው፣ የፈቃድ ኮንታክቶቹን ከእሱ በኋላ፦

```
XIC(Eye_Box) ONS(SB_Cnt) XIC(Conv_Run) ADD(Box_Count,1,Box_Count)

XIC(PB_Push) ONS(SB_Push) XIC(Pusher_Home) OTL(Push_Cmd)
```

ከመቀየርህ በፊት ግን አረጋግጥልኝ። አንድ ካርቶን ሴንሰሩ ፊት አቁምና ኮንቬየሩን በእጅ አምስት ጊዜ አቁመህ አስነሣው፤ ካርቶኑ በየመካከሉ ከሴንሰሩ እንዳይወጣ አጭር አጭር አድርገው። ቁጥሩ በአምስት ከጨመረ ጉዳዩ ይኸው ነው። ሌላም ማረጋገጫ አለ። ካርቶንና ክፍተቱ ሲደመሩ 500 ሚሊሜትር ናቸው፣ ካርቶኑ ከዚያ 300ውን ይይዛል። ስለዚህ ኮንቬየሩ በዘፈቀደ ሲቆም ከመቶ በ60ው ካርቶን ሴንሰሩ ፊት ይገኛል። 31 ትርፍ ካለህ ትናንት 52 ጊዜ ገደማ ቆሞ መሆን አለበት። የቆመበትን ብዛት የሚይዝ ነገር አለህ?

---

ላደር_ብቻ

ጋሼ ትክክል ነዎት፣ ግን ቀላሉ መንገድ ADD እና ONSን ትቶ CTU መጠቀም ነው። CTU ሽግግሩን በራሱ ውስጥ ስለሚይዝ ዋን ሾት ጭራሽ አያስፈልግም።

---

የድሮ_ፓነል

@ላደር_ብቻ CTU ዋን ሾት እንደማያስፈልገው ልክ ነህ፤ ከፊቱ ONS የሚጨምሩ ሰዎችም ያለ ጥቅም ነው የሚጨምሩት። የዚህን ልጅ ችግር ግን አይፈታውም። CTUም የሚያየው ከግራው ያለውን ራንግ በጠቅላላ ነው። `XIC(Eye_Box) XIC(Conv_Run) CTU` ብትጽፍ ኮንቬየሩ በተነሣ ቁጥር ያው ካርቶን ይቆጠራል። ይባስ ብሎም CTU ላይ ሽግግሩ ውስጥ ስለተደበቀ ፈቃዱን ከሱ በኋላ የምታደርግበት ቦታ የለህም፤ ያኔ ዋን ሾቱን ራስህ ከፊት አድርገህ ፈቃዱን መሃል ማስገባት ይኖርብሃል።

---

ሁለት_መስመር

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ እኔ ጋም ተመሳሳይ ነገር ስላለ ነው። ሁለት ጎን ለጎን ኮንቬየር አለኝ። አንደኛው በዋን ሾት በደንብ ይቆጥር ነበር። ራንጉን ቀድቼ የሴንሰሩንና የቆጣሪውን ስም ቀይሬ ለሁለተኛው ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም በመቶዎች ይዘላሉ፣ ONS የሌለ ይመስላል። የእኔ ላይ `Conv_Run` የሚባል ኮንታክት የለም።

---

ሰናይት_ኮድ

ስትቀዳው የማስታወሻ ቢቱንስ ቀይረኸዋል? ሁለቱ ONS አንድ ቢት ከተጋሩ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያጠፋዋል። የመጀመሪያው ሴንሰር ካርቶን አይቶ ቢቱን 1 ያደርጋል። ከዚያ በታች ያለው ራንግ የሱ ሴንሰር ባዶ ስለሆነ ያንኑ ቢት ወደ 0 ይመልሳል። በቀጣዩ ስካን የመጀመሪያው ራንግ ቢቱን 0 ሆኖ ሲያገኘው አዲስ ካርቶን የመጣ ይመስለዋል፤ ይህ በየስካኑ ይደጋገማል። ምልክቱ ደግሞ አንተ ያልከው ነው፦ ሌላኛው መስመር ባዶ ሲሆን ቁጥሩ ይጋልባል፣ ሁለቱም ሴንሰር ላይ ካርቶን ሲኖር ደግሞ ጸጥ ይላል።

---

ሁለት_መስመር

አልቀየርኩትም። አሁን አየሁት፣ ሁለቱም ላይ አንድ ስም ነው ያለው። ተባረኪ እህቴ። ሁለቱም ሲሞሉ ጸጥ ማለቱን ሳየው ነበር፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።

---

ካርቶን_መስመር

ጋሼ፣ ካርቶኑን አቁሜ አምስት ጊዜ አስነሣሁ፤ ቁጥሩ በትክክል አምስት ጨመረ። ስለዚህ ምክንያቱ እርስዎ ያሉት ነው።

ነገር ግን የማቆሚያው መዝገብ ላይ ትናንት በዚያ ሰዓት ውስጥ 68 ጊዜ ቆሟል ይላል፣ 52 አይደለም። ቀጣዩ ማሽን ሲጨናነቅ ነው የሚያቆመው። ሂሳቡ ስላልገጠመ ሌላ ምክንያትም እንዳይኖር ሰጋሁ።

---

የድሮ_ፓነል

ይህ ልዩነት ጥሩ ነገር ነው የሚነግረን። 31ን ለ68 ስታካፍለው 46 በመቶ ይሆናል፤ እኔ የጠበቅኩት 60 ነበር። የጎደለው 14 በመቶ ከ500 ሚሊሜትር 70 ሚሊሜትር ነው። ኮንቬየርህ የማቆሚያ ትዕዛዝ ከተሰጠው በኋላ 7 ሳንቲሜትር ያህል ይሄዳል ማለት ነው? `Conv_Run` ትዕዛዙ እንጂ ቀበቶው ራሱ አይደለም። ሴንሰሩን ሊለቅ ትንሽ የቀረው ካርቶን ትዕዛዙ ከጠፋ በኋላ ተንሸራቶ ይወጣል፣ ስለዚህ ሁለተኛ አይቆጠርም።

ቀበቶው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገህ ለካው። ራንጉን ሳትቀይር በፊት ይህን ማወቅህ ይጠቅምሃል፤ ስትቀይረው ይኸው ርቀት በተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣብሃል።

---

መልቲሜትር

እሺ፣ ዋናው ምክንያት ባውንስ አለመሆኑን ተቀብያለሁ። ሲሊንደሩ ተመልሶ ነው የሚደግመው የሚለውን አላስተዋልኩትም። ማጣሪያው ግን አሁንም ያስፈልጋል ባይ ነኝ፤ ቦታው ሲስተካከል ትንሽ ትርፍ መቅረቱ አይቀርም።

---

ካርቶን_መስመር

ለካሁት፤ 8 ሳንቲሜትር ይሄዳል። ኢንቨርተሩ ላይ ማቆሚያው 0.8 ሰከንድ ተብሎ ተሞልቷል።

ራንጎቹን እንዳሉኝ ቀየርኩ። ሲሊንደሩ ወዲያው ተስተካከለ፤ ኦፕሬተሩ ቁልፉን አንድ ደቂቃ ሙሉ ያዘው፣ አንዴ ብቻ ወጣ። ቆጣሪው ግን አሁን ያጎድላል። 20 ፓሌት ሞላ፣ 800 ካርቶን፤ ስክሪኑ 791። በተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣብሃል ያሉት ይህን ነው?

---

የድሮ_ፓነል

አዎ። ስንት ጊዜ ቆመ?

---

ካርቶን_መስመር

61 ጊዜ።

---

የድሮ_ፓነል

80 ሚሊሜትር ከ500 ውስጥ 16 በመቶ ነው። የ61 16 በመቶ ወደ 10 ይጠጋል፤ አንተ 9 ጎድሎብሃል። ይገጥማል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ትዕዛዙ ጠፋ፣ ቀበቶው ገና እየተንሸራተተ ነው። በዚያ 8 ሳንቲሜትር ውስጥ የአዲስ ካርቶን ግንባር ሴንሰሩ ጋ ይደርሳል። ONS ሽግግሩን ያዘ፣ ለአንድ ስካን አሳለፈ፤ በዚያ ስካን ግን `Conv_Run` 0 ስለነበር ADD ጋ አልደረሰም። ኮንቬየሩ ሲነሣ ሴንሰሩ እንደተሸፈነ ነው፤ አዲስ ሽግግር የለም፣ ካርቶኑ ሳይቆጠር አለፈ። በቀድሞው ራንግህ ይህ ካርቶን ኮንቬየሩ ሲነሣ ይቆጠር ነበር። ማለትም አሮጌው ስህተት ይህኛውን ይሸፍንልህ ነበር።

ፈቃዱን ከቀበቶው እውነተኛ እንቅስቃሴ ጋር አስማማው። ከቆጣሪው ራንግ በላይ TOF ጨምር፣ ቅድመ ዋጋው 1000 ሚሊሰከንድ፦

```
XIC(Conv_Run) TOF(Tmr_Coast,1000,0)
XIC(Eye_Box) ONS(SB_Cnt) XIC(Tmr_Coast.DN) ADD(Box_Count,1,Box_Count)
```

የTOF `.DN` ኮንቬየሩ ሲሄድ 1 ነው፤ ትዕዛዙ ከጠፋ በኋላም ለአንድ ሰከንድ 1 ሆኖ ይቆያል። መንሸራተቱ በ0.8 ስለሚያልቅ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚያልፍ የሰው እጅ አይቆጠርም። የኢንቨርተሩን ጊዜ የሚቀይር ሰው ይህንንም መቀየር እንዳለበት ራንጉ አጠገብ ጻፍበት።

---

ሰናይት_ኮድ

እኔ በስትራክቸርድ ቴክስት ነው የምሠራው። ይህን ችግር አይቼው የማላውቀው ምናልባት እንዲህ ስለምጽፈው ይሆን?

```
IF Conv_Run THEN
  rtEye(CLK := Eye_Box);
  IF rtEye.Q THEN Box_Count := Box_Count + 1; END_IF;
END_IF;
```

ኮንቬየሩ ሲቆም R_TRIG ስለማይጠራ የመጨረሻውን ያስታውሳል። ካርቶን ፊቱ ቆሞ ሲነሣ ሁለተኛ አይቆጥርም፤ በመንሸራተት የገባውንም ሲነሣ ይቆጥረዋል። ታይመር አላስፈለገኝም።

---

የድሮ_ፓነል

ልክ ነሽ፣ በዚህ መስመር ላይ ከእኔ የመጀመሪያ እርማት የተሻለ ይሠራል፤ አስቤበት የማላውቀው ነገር ነው። ግን በየስካኑ የማይጠራ R_TRIG ላይ ሁለት ነገር ያሳስበኛል።

አንደኛው፣ ኮንቬየሩ ቆሞ ሳለ ሰው የተበላሸ ካርቶን ከሴንሰሩ ፊት አንሥቶ ሌላ ቢያስቀምጥ፣ R_TRIG መሃል ላይ የነበረውን ባዶ ጊዜ አላየውም፤ አዲሱ አይቆጠርም። ለቆጠራው ይህ ትክክል ይሁን ስህተት በሥራው ይወሰናል፤ የተነሣው ካርቶን ፓሌት ላይ ካልሄደ እንዲያውም ትክክል ነው። ሁለተኛው ከባድ ነው። ነገ ሌላ ሰው `rtEye.Q` ብሎ ከIF ውጭ ቢያነበው፣ `Conv_Run` የጠፋው ልክ Q 1 ከሆነበት ስካን ቀጥሎ ከሆነ፣ Q እንደ 1 ደርቆ ይቀራል። ኮንቬየሩ ቆሞ ባለበት ጊዜ ሁሉ በየስካኑ ይቆጥራል ማለት ነው። ይህ በወር አንዴ የሚመጣ ዓይነት ስህተት ስለሆነ የሚያገኘው ሰው አይኖርም። እኔ R_TRIGን ሁልጊዜ ከሁኔታ ውጭ ጠርቼ Qን ከፈቃዱ ጋር ማጣመርን እመርጣለሁ።

---

ሰናይት_ኮድ

ሁለተኛውን ተቀብያለሁ። የመጀመሪያው ላይ ግን የእኔው ነው ትክክል የምለው፤ የቆመ ኮንቬየር ላይ የሆነ ነገር በሙሉ ለቆጣሪው እንዳልሆነ መቆጠር አለበት። በዚህ ላንስማማ እንችላለን።

---

ላደር_ብቻ

ስለ ቁልፉ አንድ ጥያቄ። አሁን ዋን ሾቱ ቁልፉ ጎን ስለሆነ፣ ኦፕሬተሩ ሲሊንደሩ ቤቱ ሳይገባ ቀድሞ ቢጫን ያ መጫን ይጠፋል። ሲሊንደሩ ቤቱ ቢገባም አይነሣም፤ ለቅቆ እንደገና መጫን አለበት። ኦፕሬተሮች ቁልፉ አይሠራም ብለው እንዳይመጡብህ። ጥያቄውን በአንድ ቢት ይዞ ሲሊንደሩ ሲደርስ ማስፈጸም አይሻልም?

---

ካርቶን_መስመር

እውነት ነው፣ ዛሬውኑ አንዱ ይህን ቅሬታ አቅርቧል።

---

የድሮ_ፓነል

ለሚንቀሳቀስ ሲሊንደር አላደርገውም። ሰውየው ተጭኖ ሐሳቡን ቀይሮ ካርቶን ለማስተካከል እጁን ቢያስገባ፣ የተያዘው ጥያቄ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ በኋላ ሲሊንደሩን ያስነሣዋል። መጫኑ ቢጠፋ ይሻለኛል። የቁልፉን መብራት `Pusher_Home` ላይ አገናኘው፤ ሲበራ ብቻ እንደሚቀበል በአንድ ቀን ይለምዱታል።

አብሮ የሚታይ ሌላ ነገር አለ። ቁልፉን በፕላስተር አስረው የሚሠሩ ሰዎች ካሉ፣ አሁን የታሰረ ቁልፍ ምንም አያስነሣም፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ኃይል ጠፍቶ ሲመለስ ምን እንደሚሆን በማሽንህ ላይ ሞክር። ያንተ ONS ፒኤልሲው ወደ ሥራ ሲገባ የማስታወሻ ቢቱን አስቀድሞ 1 ስለሚያደርገው የታሰረው ቁልፍ እንደ አዲስ መጫን አይቆጠርም። በአይኢሲ 61131-3 እንደተጻፈው የሚሠራ R_TRIG ግን ማስታወሻው በ0 ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ስካን ላይ ቁልፉ 1 ከሆነ Q ይሰጣል፣ ማንም ሳይነካው ሲሊንደሩ ይወጣል። @ሰናይት_ኮድ አንቺ ይህን ብትፈትሺው መልካም ነው።

ደግሞም ዋን ሾት የደኅንነት መሣሪያ አይደለም። በሲሊንደሩና በሰው እጅ መካከል ያለው መከላከያ በዚህ ራንግ ላይ እንዳይመሠረት። የአደጋ ማቆሚያ ዳግም ማስጀመሪያ ቁልፍም የሚነበበው በደኅንነት መቆጣጠሪያው ነው፤ እዚያ የተለመደው ሲጫን ሳይሆን ሲለቀቅ መቀበል ነው፣ ተጣብቆ የቀረ ቁልፍ ማሽኑን እንዳያስነሣ።

---

ሰናይት_ኮድ

ፈተሽኩት። የእኔ ላይ ሴንሰሩ ተሸፍኖ ኃይል ሲመለስ በእርግጥ አንድ ይጨምራል። ለቆጣሪ አንድ ትርፍ ነው፣ ለሞተር ቢሆን ግን አስደንጋጭ ነበር። ሁሉንም R_TRIGዎች በመጀመሪያው ስካን ጠርቼ Qቸውን እንዳልጠቀምበት አደረግሁ።

---

ካርቶን_መስመር

TOF ገብቷል። ዛሬ 19 ፓሌት፣ 760 ካርቶን፤ ስክሪኑ 762። ኮንቬየሩ 57 ጊዜ ቆሟል። ከ31 ወደ 2 ወርዷል፣ አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ሁላችሁንም።

የቀሩትን ሁለቱን ለማግኘት አጠገቡ ቆሜ ሳይ ዋልኩ። አንዱን አየሁት፦ ካርቶኑ የቆመው ግንባሩ ልክ ጨረሩ ላይ ሆኖ ነው። ቀበቶው ሲነሣ ካርቶኑ በንዝረቱ ትንሽ ወደ ኋላ ተናወጠና የሴንሰሩ መብራት ጠፍቶ ተመልሶ በራ። ቆጠረ።

---

መልቲሜትር

ይኸው እኔ ያልኩት መጣ። አሁን ነው ማጣሪያው የሚገባው። ክፍተትህ 200 ሚሊሜትር ነው፣ በ0.2 ሜትር ፍጥነት አንድ ሰከንድ ሙሉ ባዶ ይሆናል። ሴንሰሩ ቢያንስ ለ300 ሚሊሰከንድ ካልጠፋ አዲስ ካርቶን የለም በል፤ `Eye_Box`ን በTOF አሳልፈህ ONSን ከሱ በኋላ አድርገው። እውነተኛ ካርቶን አያመልጥህም፣ መናወጡም አይቆጠርም።

---

የድሮ_ፓነል

መልቲሜትር እዚህ ላይ ትክክል ነው፣ አድርገው። አንድ ቀዳዳ ግን ይቀራል። ካርቶኑ ወደ ኋላ በተናወጠበት ቅጽበት ኮንቬየሩ እንደገና ከቆመ፣ ሴንሰሩ 300 ሚሊሰከንድ ሳይሆን 20 ሰከንድ ጠፍቶ ይቆያል፤ ሲነሣ ያው ካርቶን እንደ አዲስ ይቆጠራል። ጊዜን የሚቆጥር ማጣሪያ ቀበቶው ሲቆም አብሮ አይቆምም። ያን የሚዘጋው ርቀትን መለካት ነው፤ ቀበቶው ላይ ኢንኮደር አድርጎ ካለፈው ቆጠራ ወዲህ ቢያንስ 400 ሚሊሜትር ካልተሄደ አለመቆጠር። ለሁለት ካርቶን ያን ያህል ወጪ ታወጣለህ ወይ የሚለውን አንተ ታውቃለህ።

---

ካርቶን_መስመር

ኢንኮደር የለኝም፣ አሁን የሚገዛም አይመስለኝም። የ300 ሚሊሰከንዱን ዛሬ ማታ አስገባለሁ። የማቆሚያውን ትዕዛዝ ሴንሰሩ ባዶ እስኪሆን ማዘግየት ይቻል እንደሆነም አስባለሁ፤ ቀጣዩ ማሽን ግን ሲጨናነቅ አንድ ካርቶን የመቀበያ ቦታ ይኑረው አይኑረው ገና አልለካሁም።